«ያሳያል»፣ «ያረጋግጣል»፣ «ይላል»፦ በክለሳ ድርሳናት ውስጥ በምን ይተኩ?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው። አማካሪዬ ክለሳ ድርሳናቱን አንብበው ኅዳጉ ላይ ‹ያሳያል፣ ያረጋግጣል፣ ይላል በዛ፤ ይስተካከል› ብለው መለሱልኝ። ይገልጻል፣ ያብራራል፣ ያትታል እያልኩ ቀያይሬ ባስገባም አልወደዱትም። በእነዚህ ቃላት ፋንታ የምጠቀምባቸው ሙያዊ ቃላት ዝርዝር ይኖርዎት ይሆን?»

ዝርዝር ቢሰጥዎትም ተመልሰው እዚያው ነው የሚገኙት። «በዛ» የሚል ማስታወሻ ያየ ተማሪ አንድ ቃል እንደተደጋገመ ብቻ ይረዳና ተመሳሳይ ቃል ፍለጋ ይገባል። አማካሪን ብዙውን ጊዜ የሚቸግረው ግን ሌላ ነው፤ አንቀጹን አንብበው ሲጨርሱ የትኛው አጥኚ ለክቶ እንዳገኘ፣ የትኛው ካገኘው ተነሥቶ እንደገመተ፣ የትኛው በሰው ሥራ ላይ አስተያየት እንደሰጠ መለየት አይችሉም። ሁሉም «ያሳያል»። ሁሉንም «ይገልጻል» ሲያደርጉት ሁሉም «ይገልጻል» ሆነ እንጂ ልዩነቱ አልመጣም።

በዚያ ላይ ያስገቧቸው ቃላት አቻ አይደሉም። ማተት አንድን ጉዳይ በስፋት፣ ዘርዘር አድርጎ መጻፍ ነው፤ ከአንድ መጽሐፍ ውስጥ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ለተነካ ነጥብ «ያትታል» ማለት ምንጩን እንዳላነበቡት ያስጠረጥራል። «ያብራራል» እና «ያስረዳል» ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑ ታምኖ፣ ግልጽ ያልነበረው ግልጽ ሲሆን የሚነገሩ ናቸው። አከራካሪ ሐሳብ ላይ ሲያስቀምጧቸው ሳይታወቅዎ ከጸሐፊው ጎን ያሰልፉዎታል። ከዜና የሚመጡት የባሱ ናቸው፦ «አስታወቁ»፣ «አስገነዘቡ»፣ «አሳሰቡ»። እነዚህ የባለሥልጣን ግሦች ናቸው። አጥኚ ያገኘውን ያቀርባል እንጂ አያስታውቅም፤ «አስገነዘቡ» ካሉ ደግሞ አጥኚው አዋቂ፣ አንባቢው ገና ያልገባው ሆኖ ቁጭ ይላል።

እንግዲህ ግሥ ከመምረጥዎ በፊት ስለ እያንዳንዱ ምንጭ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ ነው፦ እርስዎ የጠቀሱት ነገር በዚያ ጥናት ውስጥ ምን ነበር? የተሠራ ሥራ ነበር፣ የተገኘ ውጤት ነበር ወይስ የተሰጠ ፍች? ሥራ ከሆነ ለካ፣ መረመረ፣ አነጻጸረ፣ ቃለ መጠይቅ አደረገ ይባላል። ውጤት ከሆነ አገኘ፣ መዘገበ፣ ተመለከተ። ፍች ከሆነ ይጠቁማል፣ ይገምታል፣ ይሞግታል፣ ይደመድማል። አንድ ጥናት ሦስቱንም ስለሚይዝ ለአንድ ምንጭ አንድ ግሥ ይበቃል የሚለው ልማድ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

የሥነ ልሳን አጥኚው ኬን ሃይላንድ እ.ኤ.አ. በ1999 ከስምንት የትምህርት ዘርፎች የተወሰዱ 80 የምርምር መጣጥፎችን መርምረው ግሦቹን በተቀራራቢ መንገድ ከፋፍለዋል፤ የምርምር ተግባር፣ የአእምሮ ተግባርና የንግግር ተግባር በሚል። ዘርፎቹም እንደሚለያዩ አይተዋል። የሥነ ሕይወት ሰዎች «አገኘ» ማለት ይቀናቸዋል፣ የፍልስፍና ሰዎች «ይሞግታል»። የሚገርመው፣ እርስዎ እንደ ነውር የቆጠሩት «ይላል» ፍልስፍና ውስጥ በደንብ የተለመደ ነው፤ እዚያ የሰውየው ንግግር ራሱ ማስረጃው ነውና። ስለዚህ «ይላል» በራሱ አያሳፍርም። የሚያስነቅፈው ለክቶ ያገኘን ሰው «ይላል» ማለት ነው።

በአንድ ጉዳይ ላይ እንየው። ዘርፍዎን ስላልነገሩኝ ሁላችንም የምናውቃትን ሉሲን ልውሰድ፤ ሐዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1974 የተገኘችውን፣ ድንቅነሽ የምንላትን። እንዴት ሞተች በሚለው ላይ ክርክር አለ። አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«ካፕልማንና ሌሎች (2016) ሉሲ ከዛፍ ወድቃ መሞቷን አረጋግጠዋል። ጆሃንሰን ግን አይደለም ይላሉ። ራፍና ሌሎች (2016) ሉሲ ዛፍ ላይ ትወጣ እንደነበር ያሳያሉ። ዋይዝማን (2023) ቀጥ ብላ ትራመድ እንደነበር ያረጋግጣሉ።»

ሰዋስዉ ደኅና ነው፤ አራቱም ዓረፍተ ነገሮች ግን አንባቢን ያሳስታሉ። ከመጀመሪያው እንነሣ። የሉሲ አጥንቶች አሜሪካ በነበሩበት እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በሲቲ ስካን ተነሡ፤ ከ35,000 በላይ ምስል ተገኘ። ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው በቀኝ የላይኛው ክንድ አጥንቷ ጫፍ ላይ ለየት ያለ ስብራት አዩ፤ ስብርባሪዎቹ ሹል እንደሆኑ ቦታቸውን ሳይለቁ ቀርተዋል። እንዲህ ያለ ስብራት ከከፍታ የሚወድቅ ሰው እጁን ዘርግቶ መሬት ሲመታ ከሚደርስበት ጋር እንደሚመሳሰል ከአጥንት ቀዶ ሐኪም ጋር ተመክሮበታል። ከዚያ ተነሥተው ከ12 ሜትር በላይ ከሚሆን ከፍታ፣ ምናልባትም ከዛፍ፣ ወድቃ ሞታለች ወደሚለው ሐሳብ ደረሱ።

ሦስቱን ለይተው ይመልከቱ። ምስል ማንሣቱ የተሠራ ሥራ ነው። ስብራቱ የታየ ነገር ነው። ከዛፍ መውደቋ ፍች ነው። «አረጋግጠዋል» የሚለው ግሥ የታየውን ጥሎ ፍቹን ብቻ ወሰደና የታየ አስመሰለው። አጥኚዎቹ ራሳቸው እንኳ እንዲህ አላሉም፤ የመጣጥፋቸው ርዕስ ላይ የተጠቀሙት የእንግሊዝኛ ግሥ «ሰጀስት» ነው፣ ስብራቶቹ «ይጠቁማሉ» እንደማለት። ከምንጩ በላይ እርግጠኛ መሆን በክለሳ ድርሳናት ውስጥ ከሚሠሩ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ምንጩን ያላነበበ ፈታኝ ሊደርስበት አይችልም፣ ያነበበው ግን ሌላውንም ሁሉ መጠራጠር ይጀምራል።

እግረ መንገዴን፦ ይህ «ሰጀስት» ወደ አማርኛ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይበላሻል። ግማሹ ተማሪ «ያሳያል» ይለዋል፣ ግማሹ ደግሞ «ሐሳብ ያቀርባሉ» ወይም «ይመክራሉ» ይለዋል። የመጀመሪያው ያጠነክረዋል። ሁለተኛው ምክር ያደርገዋል፤ አጥንት ግን ማንንም አይመክርም። በእንግሊዝኛ ያነበቡት ምንጭ ላይ ይህን ግሥ ሲያገኙ «ይጠቁማል» ወይም «ያመለክታል» ይበቃዎታል።

ወደ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር። ዶናልድ ጆሃንሰን ሉሲን ካገኙት ሰዎች አንዱ ናቸው። እሳቸውና የቅሪተ አካል ተመራማሪው ቲም ዋይት የካፕልማንን ድምዳሜ የተቃወሙት ጥናቱ በወጣበት ሰሞን ለጋዜጠኞች በሰጡት አስተያየት ነው። መከራከሪያቸውም ተመሳሳይ ስብራት በሌሎች እንስሳት ቅሪተ አካላት ላይም የተለመደ ስለሆነ፣ አጥንቶቹ ከሞት በኋላ በደለል ተጭነው የተሰነጣጠቁ ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ነው። «አይደለም ይላሉ» ይህን ሁሉ ያጠፋል። ምን እንደተቃወሙ (ስብራቱን ሳይሆን አተረጓጎሙን)፣ በምን ምክንያት፣ በምን መድረክ፤ አንዱም የለም። የጋዜጣ አስተያየትና የተገመገመ መጣጥፍ እኩል ክብደት እንደሌላቸው በግሡ አካባቢ መታየት አለበት፤ «ለመገናኛ ብዙኃን በሰጡት አስተያየት ተቃውመዋል» ቢሉ ይህን ይሸከማል።

ሦስተኛው ቀላል ነው። ክሪስቶፈር ራፍና ባልደረቦቻቸው ከእነዚያው ምስሎች የሉሲን የክንድና የጭን አጥንቶች ውስጣዊ ቅርጽ ለክተው ከቺምፓንዚና ከዘመናዊ ሰው ጋር አነጻጽረዋል፤ የክንዷ ጥንካሬ ከጭኗ ጋር ሲነጻጸር በሁለቱ መካከል ላይ ሆኖ አግኝተውታል። እዚህ «አገኙ» ማለት ይቻላል፣ ተለክቷልና። ዛፍ ላይ ብዙ ትወጣ ነበር የሚለው ግን ከልኬቱ የተወሰደ ድምዳሜ ነው። አራተኛው ላይ አሽሊ ዋይዝማን የሠሩት የሉሲን የእግር ጡንቻዎች፣ በእያንዳንዱ እግር 36 ጡንቻ፣ በኮምፒውተር መልሶ መገንባት ነው። ጡንቻ ደግሞ ቅሪተ አካል ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ ይህ ሞዴል ነው፤ ሞዴል ያመለክታል፣ ይደግፋል፣ አያረጋግጥም።

አሁን አንቀጹ እንዲህ ይጻፋል፦

«ካፕልማንና ባልደረቦቻቸው (2016) የሉሲን አጥንቶች የሲቲ ስካን ምስሎች መርምረው በቀኝ ክንዷ አጥንትና በሌሎችም ላይ ያዩአቸውን ስብራቶች መዝግበዋል። ስብራቶቹ ከከፍታ በመውደቅ ከሚደርሱት ጋር ስለሚመሳሰሉም ከዛፍ ወድቃ ሳትሞት አልቀረችም ሲሉ ይሞግታሉ። ጆሃንሰንና ዋይት ለመገናኛ ብዙኃን በሰጡት አስተያየት ይህን አተረጓጎም ተቃውመዋል፤ በእነሱ እምነት መሰል ስብራት በሌሎች እንስሳት ቅሪተ አካላትም ላይ የተለመደ በመሆኑ ከሞት በኋላ የደረሰ ሊሆን ይችላል። የአሟሟቷ ክርክር ባይቋጭም ዛፍ ትወጣ ነበር የሚለውን ሐሳብ የሚደግፍ ሌላ ማስረጃ አለ፤ ራፍና ባልደረቦቻቸው (2016) የክንዷ አጥንት ጥንካሬ ከጭኗ አንጻር በቺምፓንዚና በሰው መካከል ሆኖ አግኝተውታል። በሌላ በኩል ዋይዝማን (2023) በኮምፒውተር የገነቡት የጡንቻ ሞዴል ጉልበቷን ዘርግታ ቀጥ ብላ መቆም ትችል እንደነበር ያመለክታል።»

አንድም ብርቅ ቃል አላስገባሁም። የተለወጠው እያንዳንዱ ግሥ የሚገባውን ሥራ መያዙ ነው።

እስካሁን ያልኩት በየትኛውም ቋንቋ ለሚጽፍ ይሠራል። በአማርኛ ግን ግሡን ከመምረጥ እኩል የሚከብድ ሌላ ነገር አለ፤ ከግሡ በፊት ያለው ሐረግ እንዴት እንደታሰረ። እነዚህን ሦስቱን ጮክ ብለው ያንብቧቸው፦ «ከዛፍ ወድቃ መሞቷን ገልጸዋል»፣ «ከዛፍ ወድቃ እንደሞተች ገልጸዋል»፣ «ከዛፍ ወድቃ ሞታለች ሲሉ ገልጸዋል»። ግሡ አንድ ነው። የመጀመሪያው ግን ነገሩን የተፈጸመ ሐቅ አድርጎ ይወስደዋል፤ እርስዎም ጸሐፊው አብረው ፈርመዋል። ሁለተኛው ለዘብ ቢልም አሁንም ወደ መቀበሉ ያደላል። ሦስተኛው ሐሳቡን ለባለቤቱ ይተውለታል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀጥለው «ይሁንና ከዛፍ አልወደቀችም» የሚል ይጨምሩ። ከሦስተኛው ጋር ያለ ችግር ይሄዳል። ከመጀመሪያው ጋር ግን እርስ በርሱ ይጋጫል፤ «መሞቷን» ብለው የተቀበሉትን ነገር ወዲያው ይክዱታል።

ስለዚህ «መሆኑን ገልጸዋል»፣ «መኖሩን አመልክተዋል» የሚለው አወቃቀር እርስዎም ለሚቀበሉት፣ በልኬትም ለታየ ነገር ይቆይ። ክርክር ላለበት «ነው ሲሉ ይሞግታሉ»፣ «ነው ብለው ያምናሉ»፣ «ሳይሆን አይቀርም ይላሉ» ይሻላል። እኔ የማያቸው ረቂቆች ውስጥ የመጀመሪያው ለሁሉም ይውላል፤ ከመግለጫና ከዜና አማርኛ የተወረሰ ልማድ ይመስለኛል፤ እዚያ የተባለው ሁሉ «መሆኑን» ነው።

ሌላው የአማርኛ ጣጣ ግሡ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ሦስት መስመር የሚረዝም ዓረፍተ ነገር ሲጽፉ አንባቢው ይህ የማን ሐሳብ እንደሆነ፣ ግኝት ይሁን ግምት፣ እስከ ማሰሪያው ድረስ አያውቅም። ዓረፍተ ነገሩ መርዘሙ ግድ ከሆነ አቋሙን ወደ ፊት ያምጡት፦ «በካፕልማን ግምት…»፣ «በጆሃንሰን እምነት…»፣ «ራፍ በለኩት መሠረት…»። ይህን ሲያደርጉ ግን መጨረሻ ላይ ድጋሚ «መሆኑን ይገልጻሉ» እንዳይሉ ይጠንቀቁ። «እንደ ካፕልማን (2016) አገላለጽ ሉሲ ከዛፍ ወድቃ መሞቷን ይገልጻሉ» የሚለው ዓይነት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ «እንደ… አገላለጽ» ካሉ ባለቤቱ ተነግሯልና ዓረፍተ ነገሩ «ሞታለች» ወይም «ሳትሞት አልቀረችም» ብሎ ይዘጋል።

«ያረጋግጣል» ፈጽሞ ይከልከል አልልም። ሒሳብ ውስጥ ማረጋገጫ አለ። የሰነድ ጥናት ላይም አንድ ደብዳቤ በአንድ ሰው እጅ መጻፉ ከተረጋገጠ ተረጋገጠ ነው። ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በጠባብ ቦታ የሚሠራ ቃል ስለሆነ ግን፣ ሌላ ጥናት ተመሳሳይ ውጤት ባገኘ ቁጥር «አረጋገጠ» ከማለት «የቀደመውን ግኝት ያጠናክራል» ወይም «ከ… ግኝት ጋር ይስማማል» ቢሉ ይበቃል። በሌላው ጫፍ ደግሞ ጥንቃቄ ሲበዛ ይሰለቻል። «ሊጠቁም ይችል ይሆናል» ሦስት ጊዜ መፍራት ነው፤ «ይጠቁማል» ራሱ ጥርጣሬውን ይዟል። ለክተው ያገኙ ሰዎችን «ያገኙ ይመስላል» ማለትም ግፍ ነው።

ማን ምን እንደሚችልም ያስተውሉ። ሠንጠረዥ፣ አኃዝ፣ ምስልና ውጤት ያሳያሉ፤ ሰው ይሞግታል። «ጥናቱ ይሞግታል» ከማለት «አጥኚዎቹ ይሞግታሉ»፣ «ካፕልማን ያሳያሉ» ከማለት «የካፕልማን ምስሎች ያሳያሉ» ይሻላል። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን ከ«ያሳያል» ብዛት ግማሹ የሚመጣው ሰው በማያሳይበት ቦታ ሰው ስለሚያሳይ ነው። ሌላም ብዙ ሰው የማያየው ጉድ አለ፦ የውጭውን ሰው «ይላል»፣ ያገር ልጁን «ይላሉ» ማለት። ሁለቱንም አንቱ ይበሉ ወይም የዩኒቨርሲቲዎ መመሪያ የሚለውን በሁሉም ላይ ያድርጉ።

ብዙ ቦታ ላይ ደግሞ ግሥ ጨርሶ አያስፈልግም። የማያከራክር መረጃ ሲሆን ሐቁን ይጻፉና ምንጩን በቅንፍ መጨረሻ ላይ ያስቀምጡ። «ሉሲ በ1974 ሐዳር ላይ መገኘቷን እገሌ ይገልጻል» ማለት በማንም ያልተካደን ነገር የአንድ ሰው አስተያየት ያስመስለዋል። የአጥኚውን ስም ወደ ዓረፍተ ነገሩ ማስገባት የሚገባው ሐሳቡ የእሱ መሆኑ ለክርክሩ ሲጠቅም ብቻ ነው። ግሥ ማስተካከል የማያድነው ነገር እንዳለም ይወቁት፤ ክለሳዎ አንዱን ምንጭ በአንድ አንቀጽ፣ ቀጣዩን በቀጣዩ እያለ የሚሰለፍ ከሆነ ግሦቹ ቢያምሩም አማካሪዎ ይመልሱታል። ከላይ የታረመው አንቀጽ የቆመው «ባይቋጭም» እና «በሌላ በኩል» ምንጮቹን እርስ በርስ ስላነጋገሯቸው ጭምር ነው።

የማዝዘው ይህን ነው። ረቂቁን ከፍተው በፍለጋ ሳጥኑ ውስጥ መጀመሪያ «ረጋ» ብለው ይጻፉ፤ ያረጋግጣል፣ አረጋገጠ፣ ተረጋግጧል ሁሉም ይወጣሉ። በእያንዳንዱ ላይ ምንጩን ገልጠው የተለካ ነው ወይስ የተተረጎመ ብለው ይመልሱ፤ ምንጩ እጅዎ ላይ ከሌለ ግሡን ሳይሆን ጥቅሱን ያውጡት። ቀጥሎ «ን ገል» ብለው ይፈልጉና «መሆኑን ገልጸዋል» ከሚሉት ውስጥ እርስዎ የማይስማሙባቸውን ወይም ክርክር ያለባቸውን ወደ «ነው ሲሉ» ይቀይሩ። ከዚያ «ያሳያ» እና «አሳይ» ብለው ይፈልጉ። «ሳይ» ብለው አይፈልጉ፤ «ሳይሆን» እና «ሳይኖር» ሁሉ ይጎርፍብዎታል። ባለቤቱ ሠንጠረዥ፣ ምስል ወይም ውጤት የሆነውን «ያሳያል» እንዳለ ይተዉት፣ ቢደጋገምም አይጎዳም። «ይላል»ን በመጨረሻ ይዩት፤ የተረፈው ጥቂት ሆኖ ያገኙታል።